ወደ ዒድ ሰላት መንገዱ ሲዘጋ፤ ከቤት እስከ ሰፍ ያለው ጉዞ



የረመዷን የመጨረሻዎቹ ቀናት ሲገቡ በመስጂዳችን ከሰላት በኋላ የሚቀርቡልን ጥያቄዎች ይለወጣሉ። በወሩ መጀመሪያ ስለ ኒያና ስለ ቀዷ የሚጠይቀን ጀመዓ፣ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ስለ ዘካተል ፊጥር ይጠይቃል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ ከፊቅህ ይልቅ ለትራፊክ ፖሊስ የሚቀርብ ይመስላል፦ «ዘንድሮ ወደ ስታዲየም በየት በኩል ነው የሚገባው?»

ጥያቄው ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የዒድ አልፈጥር ሰላት በስታዲየምና በዙሪያው ባሉ መንገዶች ሲሰገድ፣ የከተማዋ መሐል ከሌሊቱ ጀምሮ ለተሽከርካሪ ይዘጋል። በየዓመቱ ቤተሰቡን በመኪና ጭኖ በጊዜ የወጣ ሰው፣ ከአንዱ የተዘጋ መንገድ ወደ ሌላው ሲዞር ኢማሙ ሲያሰላምት የሚደርስበት አጋጣሚ አለ። በሌላ በኩል ከእርሱ ዘግይቶ በእግሩ የወጣው ጎረቤቱ መስገጃውን አንጥፎ ተክቢራ እያለ ይጠብቃል። የዛሬው ጽሑፋችን ይህ ልዩነት ከየት እንደሚመጣና አንድ ቤተሰብ ልጆችና አዛውንት ይዞ እንዴት እንደሚደርስ፣ እንዴትስ እንደሚመለስ የሚያወራ ነው።

በመጀመሪያ መንገዱ እንዴት እንደሚዘጋ እንይ። ፖሊስ በበዓሉ ዋዜማ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በማኅበራዊ ገጾቹ የሚዘጉትን መንገዶች ዝርዝር ያወጣል። በዝርዝሩ በየዓመቱ የሚደጋገሙ ስሞች አሉ። ከቦሌ ለሚመጣ ኦሎምፒያ፣ ከመገናኛ ለሚመጣ ዑራኤል፣ ከቃሊቲና ከሳሪስ ለሚመጣ ጎተራ ወይም ላንቻ፣ ከጦር ኃይሎችና ከልደታ ለሚመጣ ሜክሲኮ፣ ከፒያሳ ለሚመጣ ቴዎድሮስ አደባባይ ናቸው። ነገር ግን አንድ ዓመት ኦሎምፒያ ላይ የቆመው አጥር በሌላው ዓመት ወደ ኋላ ሊገፋ ይችላል። ስለዚህ የዓምናውን ዝርዝር አስታውሶ መውጣት አይበቃም፤ የዘንድሮውን መስማት ያስፈልጋል። ያልሰማ ሰው የአዲስ አበባ ፖሊስን በነፃ የስልክ መስመር በ991 መጠየቅ ይችላል።

እዚህ ላይ የእኛ በዓል ከሌሎች የሚለይበት ነገር አለ። ዒድ ነገ ይሁን ከነገ ወዲያ የሚታወቀው በ29ኛው ቀን ምሽት ጨረቃ ታየች ወይም አልታየችም ሲባል ነው። የማስታወቂያው፣ የታክሲው፣ የልብሱና የዘካው ጉዳይ ሁሉ በዚያች ምሽት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጨናነቃል። ለዚህ ነው ለጀመዓችን በ28ኛው ቀን የምንነግረው፤ በየትኛው በኩል እንደምትገቡ፣ የት እንደምትወርዱና የት እንደምትገናኙ ጨረቃዋ ሳትታይ ተነጋግራችሁ ጨርሱ። ጨረቃ ካልታየች ዕቅዱ በአንድ ቀን ይገፋል እንጂ አይበላሽም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የተዘጋ መንገድ የሚያስቸግረው መኪናውን ስላስቆመው ብቻ አይደለም፤ ወደ ሌላ መንገድ ስለላከው ነው። የዛሬ ጥቂት ዓመት ከጀመዓችን አንድ አባት ቤተሰቡን ይዞ ከገርጂ በመኪና ተነሣ። ኦሎምፒያ ሲደርስ መንገዱ ተዘግቷል። ከዚያ እስከ ስታዲየም ያለው ርቀት ከአንድ ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ልጆች ይዞ እንኳ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። እርሱ ግን «በላንቻ በኩል ይከፈት ይሆናል» ብሎ በመስቀል ፍላወር ዞረ። እዚያም ዝግ ነው። ወደ ጎተራ ተመለሰ፤ ከጎተራ በቄራ አድርጎ ወደ ሜክሲኮ ሊወጣ አሰበ። ከኦሎምፒያ የተመለሰው፣ ከላንቻ የተመለሰውና ከሳሪስ የመጣው ተሽከርካሪ ሁሉ ያንኑ አስቦ ስለነበር ቄራ ላይ መንገዱ ቆመ። ሜክሲኮ አጠገብ ሲደርስ ከአንድ ሰዓት በላይ አልፎታል፤ ከዚያም ሆኖ የቀረው የእግር መንገድ ከኦሎምፒያው አይቀንስም ነበር።

የተዘጉት ቦታዎች በስታዲየሙ ዙሪያ እንደ ቀለበት ናቸው። ቀለበቱን የሚዞር ሰው ወደ መሐሉ አይቀርብም፤ በዳሩ ላይ ይሽከረከራል እንጂ። ከእያንዳንዱ በር የተመለሰ መኪና ደግሞ በሚቀጥለው በር ላይ ስለሚደመር፣ ሁለተኛው በር ሁልጊዜ ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ስለዚህ አባወራዎችን የምንመክረው አንድ ነገር ነው። የመጀመሪያውን አጥር ስታዩ የመኪናው ጉዞ እዚያ አልቋል ብላችሁ ተቀበሉ። ሁለተኛ በር አትፈልጉ።

መኪናውን የት እናቁም ለሚለው፣ በዋናው መንገድ ዳር ማቆም ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ስለሚከለከል እዚያ የቆመ መኪና ይነሣል፤ ባለቤቱም የዒድን ቀን መኪና ሲያፈላልግ ይውላል። ከአጥሩ በፊት ባለ ሠፈር ውስጥ ዘመድ ቤት ወይም ክፍያ የሚቀበል የመኪና ማቆሚያ ካለ እዚያ ይቁም። ከሁሉ የሚሻለው ግን መኪናውን ቤት ትቶ በታክሲ ወይም በአውቶቡስ እስከ አጥሩ መምጣት ነው። ታክሲው የሚመለስበት ሥራ አለው፤ የእርስዎ መኪና ግን በተዘጋ መንገድ ውስጥ እርስዎን ይጠብቃል።

ቀላል ባቡሩም በሚሠራበት ጊዜ ጥሩ አማራጭ ነው። በምሥራቅ በኩል ከአያት የሚመጣው መስመር በመገናኛ፣ በሃያ ሁለት፣ በዑራኤል፣ በባምቢስና በእስጢፋኖስ አልፎ ስታዲየም ይደርሳል። በምዕራብ በኩል ከጦር ኃይሎች የሚነሣው ደግሞ በኮካ ኮላ፣ በልደታ፣ በተግባረ ዕድ፣ በሜክሲኮና በለገሃር ይመጣል። ባቡሩ በዚያ ጠዋት የሚሠራና በየትኛው ጣቢያ የሚቆም መሆኑን በዋዜማው ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቢሠራም ስታዲየም ጣቢያ ላይ ከመውረድ አንድ ወይም ሁለት ጣቢያ ቀደም ብሎ መውረድ ይሻላል። በመሐል ከተማው ባቡሩ የሚሄደው በድልድይ ላይ ነው፤ ከጣቢያው መውረጃው ደረጃ ነው። ከሙሉ ባቡር የወረደ ሕዝብ ሁሉ በአንድ ደረጃ ሲወርድና ከታች ያለው ሲቆም፣ ልጅ የያዘች እናት መሐል ትቀራለች። ከምሥራቅ የሚመጡ ባምቢስ ላይ፣ ከምዕራብ የሚመጡ ተግባረ ዕድ ላይ ቢወርዱ ሰፊ መንገድ ላይ በእግር ይገባሉ።

ስለ እግር ስናወራ ይህ የተቸገረ ሰው መፍትሔ ብቻ እንዳይመስል። ወደ ዒድ ሰላት በእግር መሄድ ሱና መሆኑን ዑለማዎች የሚያወሱት ከዓሊይ (ረ.ዐ) በተላለፈው መሠረት ነው። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) በዒድ ቀን በአንድ መንገድ ሄደው በሌላ መንገድ ይመለሱ እንደነበር ደግሞ ጃቢር (ረ.ዐ) ያስተላለፉት በቡኻሪ ተመዝግቧል። ዑለማዎች ለዚህ ብዙ ጥበብ ጠቅሰዋል፤ ሁለቱም መንገዶች ይመሰክሩለት ዘንድ፣ በሁለቱም ያሉ ሰዎች ሰላምታ ያገኙ ዘንድ፣ ሌላም ሌላም። ከጠቀሷቸው አንዱ መጨናነቅን ማስወገድ ነው፤ ይህችን ዛሬ በደንብ ልናያት ይገባል።

ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት ቦታ አደጋ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ሰው በመብዛቱ ብቻ አይደለም፤ የሚገባውና የሚወጣው በአንድ ጠባብ ቦታ ፊት ለፊት ሲገናኝ ነው። በሚና ያለው የጀመራት ድልድይ ለዚህ ማስረጃ ነው። በ1998 ዓ.ም. በሐጅ ወቅት ከሦስት መቶ በላይ ሑጃጆች በመጨናነቅ ካለፉ በኋላ የቀድሞው ድልድይ ፈርሶ ባለ ብዙ ደረጃ ሆኖ ተሠራ። የመግቢያውና የመውጫው መንገድም ተለያየ። ሐጅ ያደረጉ አባቶችና እናቶች ይህን አይተዋል፤ ጠጠሩን የወረወረ ሰው በመጣበት አይመለስም፤ ወደ ፊት ቀጥሎ ይወጣል እንጂ። ከስታዲየም ስንወጣም ኹጥባው እንዳለቀ ሁሉም በመጣበት ለመመለስ ሲዞር ያንኑ መጋጨት እንፈጥራለን። በሌላ መንገድ የሚመለስ ቤተሰብ ሱናውንም ያገኛል፤ ከግፊያውም ይወጣል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ለአንድ የጀመዓችን ቤተሰብ ያወጣነውን ዕቅድ እንንገራችሁ። ቤታቸው አየር ጤና ነው። አባት፣ እናት፣ የአሥራ አንድ፣ የስምንትና የአምስት ዓመት ልጆች፣ እንዲሁም ጉልበታቸውን የሚያማቸው አያት አሉ። ሰላቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ይጀመራል እንበል። አባትየው «12 ሰዓት ተኩል ብንወጣ ይበቃናል» አሉ። እኛ ደግሞ ከመጨረሻው ወደ ኋላ እንቁጠር አልናቸው።

2 ሰዓት ላይ ሰፍ ውስጥ ለመሆን ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ቀድሞ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል፤ 1 ሰዓት ከ40 ሆነ። ከዚያ በፊት ፍተሻ አለ፤ ሰልፉ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ 1 ሰዓት ከ20 ይሆናል። ከሜክሲኮ እስከ ስታዲየም አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ጎልማሳ ብቻውን በሃያ ደቂቃ ይጨርሰዋል። የአምስት ዓመት ልጅና ጉልበት የሚያማቸው እናት ያሉበት ቤተሰብ ግን፣ በተጨናነቀ መንገድ እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ አርባ ደቂቃ ይወስድበታል። እንግዲህ 12 ሰዓት ከ40 ላይ ሜክሲኮ መድረስ አለባቸው። ከአየር ጤና በጦር ኃይሎች እስከ ሜክሲኮ ታክሲ መጠበቁን ጨምሮ አርባ ደቂቃ እንያዝለት። ስለዚህ ከቤት የሚወጡት በ12 ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ሳትወጣ። በመጋቢት አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነውና ሱብሂን ሰግዶ፣ ቴምር በልቶ፣ ወዲያው መነሣት ማለት ነው። አባትየው ካሰቡት የግማሽ ሰዓት ልዩነት አለው፤ ያቺ ግማሽ ሰዓት ናት በረከዓና በመንገድ መካከል ያለችው።

የአያትየው ጉዳይ ለብቻው ታየ። አርባ ደቂቃ መራመድ፣ ከዚያ መሬት ላይ መቀመጥ፣ ከዚያ እንደገና አርባ ደቂቃ መራመድ ለእርሳቸው ከባድ ነው። በሠፈራቸው የዒድ ሰላት የሚሰገድበት መስጂድ ስለነበር እዚያ ከጎረቤት ሴቶች ጋር እንዲሰግዱ ተነጋገርን። መጀመሪያ ቅር አላቸው፤ ከልጅ ልጆቻቸው መለየት አልፈለጉም። በኋላ ግን ቁርሱን እርሳቸው ዘንድ ሊያደርጉ ቤተሰቡ ቃል ሲገባላቸው ተስማሙ። በሰፊ ሜዳ መስገድ በብዙ ዑለማዎች ዘንድ የተወደደ ቢሆንም፣ ለደካማ ሰው በቅርብ መስጂድ መስገድ ችግር የለውም። ዓሊይ (ረ.ዐ) ሕዝቡን ይዘው ወደ ሜዳ ሲወጡ፣ ደካሞቹን በመስጂድ የሚያሰግድ ሰው ይተዉላቸው እንደነበር ተላልፏል።

የመመለሻውንም አስቀድመን ወሰንን። ሲሄዱ በሜክሲኮና በለገሃር፤ ሲመለሱ ከለገሃር ቀጥ ብለው ወደ ብሔራዊ ቴአትር ይወጣሉ፤ ከዚያ በሰንጋ ተራ አድርገው ወደ ልደታ ይሄዳሉ። መንገዱ ትንሽ ይረዝማል፤ ነገር ግን ወደ ሜክሲኮ ከሚጎርፈው ሕዝብ ይለያሉ፤ ታክሲም ልደታ ላይ ከሜክሲኮ ይልቅ ቶሎ ይገኛል። በፒያሳ በኩል የሚመጡ ቤተሰቦች ደግሞ አንድ ነገር ያስቡ። ቸርችል ሲወርዱት ቁልቁለት ነው፤ ሲመለሱ ያው መንገድ በጠራራ ፀሐይ ዳገት ይሆናል። ሕፃን አዝሎ የሚመለስ ሰው ይህን ከቤቱ ሳይወጣ ቢያውቀው ይሻላል።

ስለ መገናኛ ቦታ ስንመክር አንድ የሚያስቅም የሚያስደነግጥም ነገር አጋጥሞናል። ባልና ሚስት «ከጠፋፋን አንበሳው ጋ እንገናኝ» ተባባሉ። አባት ትልቁን ልጅ ይዞ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ጋ ቆመ። እናት ትናንሾቹን ይዛ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለው አንበሳ ጋ ቆመች። ሁለቱም አንበሳ ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ መንገድ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ግን የሕዝብ ባሕር አለ። ብዙ ሕዝብ ባለበት የስልክ መስመር ስለሚጨናነቅ ጥሪው አልገባ አለ። አንድ ሰዓት ሙሉ ተጠባበቁ። እናትየዋ በኋላ ስትነግረን የከበዳት መጠበቁ ሳይሆን፣ ባሏ ልጁን አጥቶ እየፈለገ ይሆን ብላ ማሰቧ ነበር። ስለዚህ መገናኛው ቦታ አንድ ብቻ ስም ያለው፣ ከሕዝቡ ፍሰት ወጣ ያለና በመመለሻው መንገድ ላይ ያለ ይሁን። ልጆቹም በአካል ቢያዩት ጥሩ ነው፤ በረመዷን አንድ ቀን በታክሲ ሲያልፉ «እዚህ ነው» ብሎ ማሳየት ይበቃል።

የትንንሽ ልጆችን ነገር በስልክ ላይ አንጣለው። የወላጅን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፎ ኪስ ውስጥ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የዒድ ልብስ አዲስ ነው፤ ኪስ የሌለውም ብዙ ነው። ክንዱ ላይ በእስክሪብቶ መጻፍ ይሻላል። ለልጁም ከጠፋ ወዲያና ወዲህ ሳይል ባለበት እንዲቆምና የሚያስተናብሩትን ወጣቶች ወይም የደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ እንዲጠራ ይነገረው። ልጅ ሲጠፋ ወላጁን ለመፈለግ በሮጠ ቁጥር ይርቃል።

ሲወጡ ጥድፊያውን ለወጣቶች ተዉላቸው። ኢማሙ ካሰላመተ በኋላ ኹጥባ አለ። ኹጥባውን መስማት ሱና ነው፤ ብዙ ሰው ግን እርሱን ትቶ ይነሣል። የሚነሣው ሕዝብ ኹጥባውን ከሚሰማው ጋር ሲጋፋ መውጫው ላይ የመጀመሪያው ግፊያ ይፈጠራል። ልጅ የያዘ ቤተሰብ ቁጭ ብሎ ኹጥባውን ጨርሶ፣ ከዚያም ሩብ ሰዓት ያህል ተክቢራ እያለ፣ «ዒድ ሙባረክ» እየተባባለ ቢቆይ፣ መንገዱ ይቀልለታል።

መጨናነቁ ወደ አደጋ እየሄደ መሆኑን እንዴት እናውቃለን ለሚለው፣ ቀላል ምልክት አለ። እጅዎን ከጎንዎ አንሥተው ፊትዎን መንካት ከከበደዎት፣ ወይም ሳይራመዱ ሕዝቡ የሚያንቀሳቅስዎት ከሆነ፣ ጊዜው ወደ ዳር የመውጫ ነው። ወደ ኋላ ለመመለስ አይታገሉ፤ ከፍሰቱ ጋር እየሄዱ ቀስ በቀስ ሰያፍ ወደ ጎን ይውጡ። ሕፃኑን ከመሬት አንሥተው ደረትዎ ላይ ይያዙት። የወደቀ ጫማ ወይም መስገጃ ለማንሣት አያጎንብሱ። ግፊያ ውስጥ ለዕቃ የሚያጎነብስ ሰው በቀላሉ ይወድቃል። ለዚህም ነው የሚታሰር ጫማ እንድታደርጉና ስትሰግዱ ጫማችሁን በፌስታል ከፊታችሁ እንድታስቀምጡ የምንለው። ሸበጥ አድርጎ የመጣ ሰው ሲመለስ አንዱን እግር ይዞ ሌላውን ሲፈልግ ሰልፉን ሁሉ ያቆማል።

የምትይዙት ዕቃ ይቀንስ። በፍተሻው ትልቅ ቦርሳ የያዘ ይዘገያል፤ ስለት ያለው ነገር የያዘ ደግሞ አይገባም። መስገጃ፣ ትንሽ ውኃ፣ ለልጆች ጥቂት ቴምር ይበቃል። ውዱእ ቤት ይደረግ፤ እዚያ ውኃ ፍለጋ መውጣት ቦታንም ቤተሰብንም ማጣት ነው።

ስለ ቦታ ካነሣን፣ ከፊቅህ በኩል ብዙዎች የማያስተውሉት አለ። ከአዲስ አበባ ቂብላ በሰሜን አቅጣጫ ነው። ከደቡብ፣ ከሜክሲኮም ሆነ ከቦሌ በኩል የሚመጣው ሰው ከሰጋጁ ኋላ ወይም ከጎኑ ይደርሳል። ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎና ከፍል ውኃ በኩል የሚወርደው ግን ከቂብላው አቅጣጫ፣ ማለትም ከሰጋጁ ፊት ነው የሚመጣው። ዘግይቶ ደርሶ ባገኘው ባዶ ቦታ መስገጃውን ሲያነጥፍ፣ ከኢማሙ ፊት ሊሆን ይችላል። በሻፊዒይ፣ በሐነፊይና በሐንበሊይ መዝሀቦች ዘንድ መእሙም ከኢማሙ ቀድሞ ከቆመ ሰላቱ አይሆንለትም። ስለዚህ በሰሜን በኩል የሚመጡ ወንድሞችና እህቶች ለመዞር አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ጨምረው ይውጡ፤ ከሰፎቹ ኋላ እስኪገቡም አያንጥፉ። አስተናባሪ ወጣቶች «ወደዚያ ዙሩ» ሲሏችሁ ለማድከም አይደለም፤ ሰላታችሁን ለማዳን ነው።

መንገድ ላይ የሚሰግድ ሰው ሰላቱ ይሆናል ወይ የሚል ጥያቄም ይመጣል። ሰፉ እስከተያያዘና የኢማሙ ወይም የሚያስተላልፈው ሰው ድምፅ እስከተሰማ ድረስ አስፋልቱ ላይም ይሆናል። ሰፉ ተቆርጦ በሩቅ ብቻውን የቆመ ሰው ግን ጥቂት ተራምዶ ቢቀጥል ይሻለዋል።

በወር አበባ ላይ ያሉ እህቶችም ወደ ዒድ ሜዳ እንዲወጡ፣ ከመስገጃው ግን ወጣ ብለው እንዲቀመጡና መልካሙን ነገርና ዱዓውን እንዲካፈሉ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ማዘዛቸው በሐዲስ ተረጋግጧል። በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለች እህት ካለች፣ ከሰፉ ውጭ የምትቀመጥበትና ቤተሰቡ የሚያገኛት ቦታ አስቀድሞ ይወሰን። ዕቃና ጫማ መጠበቅም እርሷ ላይ ብቻ አይውደቅ።

ሁሉን አድርጎ ቢዘገይስ? መንገድ ላይ እያሉ የሰላቱ ተክቢራ ቢሰማ አይሮጥ። ወደ ሰላት በእርጋታ መምጣት፣ የደረሱበትን መስገድ፣ ያመለጠውን ማሟላት የታዘዝንበት ነው። ልጅ እየጎተተ የሚሮጥ አባት ሌላውን ሰው ይጥላል። በሁለተኛው ረከዓ የደረሰ ሰው ኢማሙ ሲያሰላምት ተነሥቶ የቀረችውን ረከዓ ከነተክቢራዋ ያሟላል። ሰላቱ ሙሉ በሙሉ ያለፈው ሰው ደግሞ በሻፊዒይ መዝሀብ ዙሁር ሳይገባ ብቻውን ወይም ከቤተሰቡ ጋር ሁለት ረከዓ መስገድ ይችላል። በሐነፊይ መዝሀብ ከኢማሙ ጋር ያመለጠች የዒድ ሰላት አትተካም፤ ከፈለገ የዱሓ ሰላት አራት ረከዓ ይሰግዳል። የወሎ ወገኖቻችን ብዙዎች በሐነፊይ ስለሚሄዱ ይህን ለይተን መንገራችን ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ለዘገየ ሰው አይመለስለትም፤ እርሱም ዘካተል ፊጥር ነው። ጊዜው ሰዉ ወደ ዒድ ሰላት ሳይወጣ በፊት ነው፤ ከሰላቱ በኋላ የተሰጠ እንደማንኛውም ሰደቃ ይቆጠራል። «ስታዲየም በር ላይ ለሚለምኑት እሰጣለሁ» ብሎ ገንዘቡን ወይም እህሉን ይዞ የሚወጣ ሰው አለ። ይህ ሰው ኦሎምፒያ ላይ ተዘግቶበት ሰላቱ ቢያመልጠው ሁለት ነገር አመለጠው ማለት ነው። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ከዒድ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀደም ብለው ይሰጡ እንደነበር በቡኻሪ ተመዝግቧል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አንድ ቁና፣ ሁለት ኪሎ ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ የሚደርስ እህል፣ በ28ኛው ወይም በ29ኛው ቀን ለሚገባው ጎረቤት ወይም ለመስጂዳችሁ ኮሚቴ አስረክቡ። ተቀባዩም እህሉን ለዒድ ቀን አዘጋጅቶ ያድራል፤ እናንተም ጠዋት በ12 ሰዓት ስትወጡ በእጃችሁ የሚቀረው መስገጃና የልጆቻችሁ እጅ ብቻ ይሆናል።